ማማውን አይቶ አገሩን ማወቅ

አንድ ፎቶ እጃችሁ ገባ እንበል። ከሥሩ የተጻፈ ነገር የለም፤ የመንገድ ታፔላም ሆነ የመኪና ሰሌዳ አይታይም። ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ አንድ ትልቅ ጉልላት ብቅ ብሏል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሳይጠራጠር «መስጊድ ነው፤ አረብ አገር ነው» ይላል። ጉልላት ብቻውን ግን እምነትንም ሆነ አገርን አያሳውቅም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጉልላት የሚሠራው ሰፊ አዳራሽን መሐል ላይ ምሰሶ ሳያቆሙ ለመሸፈን ነው። ብዙ ሰው አንድ ጣሪያ ሥር ቆሞ እንዲጸልይ የፈለገ ሁሉ ይህ ችግር ይገጥመዋል፤ መፍትሔውንም ከቀደመው ይወስዳል። የዛሬዋ ኢስታንቡል ውስጥ ያለችው ሐጊያ ሶፊያ እ.ኤ.አ. በ537 ስትመረቅ ቤተ ክርስቲያን ነበረች (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቱርኮች ከተማዋን በ1453 ሲይዙ መስጊድ አደረጓትና በጊዜ ሂደት አራት ሚናራ ጨመሩላት። ከዚያ በኋላ የተነሡት የኦቶማን ግንበኞች ትላልቅ መስጊዶችን ሲሠሩ ዓይናቸው ከዚያ ጉልላት አልተነቀለም። ስለዚህ የግሪክ ቤተ ክርስቲያንና የቱርክ መስጊድ ከጣሪያቸው ብቻ ሲታዩ ቢመሳሰሉ አይገርምም፤ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ማማ ግን ሌላ ነገር ነው። ማማ ከፍ ማለት ብቻ ይበቃዋል። አዛን የሚያሰማው ሰው ወይም ደወሉ ከጣሪያዎች በላይ ከደረሰ ሥራው ተሠርቷል፤ ግንቡ ክብ ይሁን አራት ጎን፣ ቀጭን ይሁን ወፍራም ለሥራው ለውጥ የለውም። ቅርጹን ያስገደደ ነገር ስለሌለ ግንበኛው የሚሠራው አባቱ ሲሠራ ያየውን፣ ወይም አሠሪው ንጉሥ የሚወደውን ነው። ለዚህም ነው ማማ የአካባቢ ምልክት ሆኖ የሚያገለግለው። ፎቶ ሳይ ጉልላቱን አልፌ ማማውን የምፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ጥያቄ እጠይቀዋለሁ፦ አካሉ ስንት ጎን አለው? አናቱ ላይስ ምን ተቀምጧል?

መጀመሪያ አራት ጎን ያለውን እንውሰድ። በጣም ያረጁት ሚናራዎች አራት ማዕዘን ናቸው። ቱኒዚያ ውስጥ ካይሩዋን ላይ ያለው ታላቁ መስጊድ ሚናራ ከ31 ሜትር በላይ ቁመት አለው። ከታች ሰፊና ከባድ ሆኖ፣ ወደ ላይ እየጠበበ በሚሄድ ሦስት ደርብ የተሠራ ነው፤ ላየው ሰው ከጸሎት ቤት ይልቅ የምሽግ ግንብ ይመስላል። ከሊቢያ በስተምዕራብ፣ ማለትም በቱኒዚያ፣ በአልጄሪያና በሞሮኮ፣ ይህ የአራት ማዕዘን ልማድ እስከ ዛሬ አልጠፋም። ማራካሽ ላይ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የኩቱቢያ ሚናራ 77 ሜትር ይደርሳል። አናቱ ላይ እንደገና አንድ ትንሽ አራት ማዕዘን ክፍል አለች፤ ከእርሷም በላይ በአንድ ዘንግ ላይ የተሰኩ፣ ወደ ላይ እያነሱ የሚሄዱ የመዳብ ኳሶች ይታያሉ። ወፍራም አራት ማዕዘን፣ በላዩ ትንሽ አራት ማዕዘን፣ በላዩ ኳሶች፤ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ከታዩ ፎቶው የሰሜን ምዕራብ አፍሪካ መሆኑ የሚያጠራጥር አይደለም። በ1993 የተመረቀው የካዛብላንካው የዳግማዊ ሐሰን መስጊድም ሚናራው 200 ሜትር ያህል ቢሆንም በዚሁ ቅርጽ ነው የቆመው።

አንዱ የዚህ ቤተሰብ አባል ግን ባሕር ተሻግሮ ዛሬ ደወል ይደወልበታል። ስፔን ውስጥ ሴቪያ ከተማ የካቴድራሉ ደወል ማማ ሂራልዳ ይባላል። ሥራው የተጀመረው በ1184 ሲሆን ያን ጊዜ ሚናራ ነበር፤ ያሠሩት ሞሮኮንና ደቡብ ስፔንን አንድ አድርገው ይገዙ የነበሩት አልሞሃዶች ናቸው። ከተማዋን ክርስቲያኖች በ1248 ሲይዙ ግንቡን አላፈረሱትም፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አናቱ ላይ የደወል ቤት ጨመሩበትና በጫፉ በነፋስ የሚዞር የነሐስ ሐውልት አቆሙ። አሁን ከ100 ሜትር በላይ ነው።

ማማውን ከታች ወደ ላይ ቀስ ብላችሁ እዩት። የታችኛው ሰፊ ክፍል ጡብ ነው። በየጎኑ መሐል ጥንድ መስኮቶች አሉ፤ ከመስኮቶቹ ግራና ቀኝ ጡቡ እርስ በርሱ እንደተጠላለፈ መረብ ሆኖ ተቀርጿል። ይህ መረብ ማራካሽና ራባት ላይም ይገኛል። ከዚያ በላይ ግንቡ በድንገት ጠባይ ይለውጣል፤ ክፍት ቅስቶች፣ የተንጠለጠሉ ደወሎች፣ ክብ ዓምዶች፣ የጣሊያንን ሥራ የሚያስታውስ ጌጥ ይመጣል። ውስጡ ደግሞ ደረጃ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሰው በፈረስ ወይም በበቅሎ ሆኖ እንዲወጣበት 35 ዳገታማ መተላለፊያዎች ግንቡን እየዞሩ ይወጣሉ። አገልግሎቱ የተለወጠ ማማ እንዲህ ነው የሚታወቀው፤ አካሉ አንድ ቋንቋ ሲናገር አናቱ ሌላ ይናገራል። በፎቶ ላይ አራት ማዕዘን የጡብ ግንብ ከላይ ደወል ይዞ ካያችሁ ስፔንን አስቡ። በሞሮኮ ደወል አይኖረውም፤ በእንግሊዝ ደግሞ አራት ማዕዘን ማማ ቢበዛም በአብዛኛው ድንጋይ ነው፤ እንዲህ ያለ የጡብ መረብም አታገኙበትም።

ይህ ሁሉ ስለ ሩቅ አገሮች ልዩነት ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ እምነት ውስጥ እንኳ ማማ ድንበር የሚያሰምርበት ጊዜ አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀኝም ይህ ነው። ቱኒስን ተመልከቱ። የከተማዋ ትልቁ መስጊድ ዘይቱና አራት ማዕዘን ሚናራ አለው፤ የአገሬው ሕዝብ የሚከተለው የማሊኪ የፍትሕ ትምህርት ቤት ነውና ልማዱም የአገሬው ነው። ኦቶማኖች ከተማዋን በ1574 ሲይዙ ግን ከእነርሱ ጋር የመጡት ወታደሮችና ሹማምንት ሐነፊዎች ነበሩ። ለራሳቸው መስጊድ ሲያሠሩ ሚናራውን ስምንት ጎን አደረጉት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራው የዩሱፍ ዴይ መስጊድ፣ ከዚያም በ1655 የተሠራው የሐሙዳ ባሻ መስጊድ እንዲህ ናቸው። ስለዚህ በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ወደ ላይ ቀና ብሎ ጎኖቹን ቢቆጥር፣ አራት ከሆነ የአገሬው፣ ስምንት ከሆነ የቱርኮቹ መስጊድ መሆኑን ሳይጠይቅ ያውቅ ነበር።

የኦቶማኖች ዋና ከተማ ልማድ ግን ከዚህም ይለያል። የኢስታንቡል ሚናራ ቀጭን ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ክብ ይመስላል። አናቱ በእርሳስ ብረት የተሸፈነ ሹል ቆብ ነው። በእርሳስ የሚጻፍ ልጅ ሁሉ ቅርጹን ያውቀዋል፤ የተቀረጸ እርሳስ ቀጥ ብሎ የቆመ ማለት ነው። በአካሉ ላይ እንደ ቀለበት የሚዞር ሰገነት አለ፤ የመንደር መስጊድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሚናራና አንድ ሰገነት ሲኖረው፣ ከአንድ በላይ ሚናራ ማቆም በሥርዓቱ ለሱልጣኑና ለቤተሰቡ የተጠበቀ ነበር። ስለዚህ የኦቶማን ከተማ ፎቶ ስታዩ ሚናራዎቹን ቁጠሩ። አንድ መስጊድ ላይ ሁለት ወይም አራት ካያችሁ ከጀርባው ንጉሣዊ ገንዘብ አለ። ስድስት ከሆነ በ1616 የተጠናቀቀው የኢስታንቡሉ ሱልጣን አህመድ መስጊድ መሆኑን ለመገመት አትፍሩ። ኤዲርን ከተማ ላይ ሲናን የተባለው ታላቁ መሐንዲስ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሠራው የሰሊሚዬ መስጊድ አራት ሚናራዎች እያንዳንዳቸው ከ70 ሜትር በላይ ቁመትና ሦስት ሦስት ሰገነት አላቸው። ከአራቱ በሁለቱ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጠመዝማዛ ደረጃዎች እርስ በርሳቸው ሳይገናኙ ይወጣሉ፤ ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢወጡ መንገድ ላይ አይተያዩም። ይህን ሁሉ የያዘው አካል ደግሞ ከታች ሲታይ ቀጭን ዘንግ ነው።

ይህ እርሳስ የመሰለ ሚናራ የት ድረስ እንደተዘረጋ መከተል የኦቶማንን ግዛት ካርታ መከተል ነው። ቡልጋሪያ፣ ሰሜን መቄዶንያ፣ ኮሶቮ፣ አልባኒያ፣ ቦስኒያ ድረስ ይዘልቃል። ካይሮ ላይ ግን የአገሬው ልማድ ሌላ ነው። ቱርኮች ከመምጣታቸው በፊት ማምሉኮች ያቆሟቸው ሚናራዎች ብዙውን ጊዜ ከታች አራት ማዕዘን፣ ከመሐል ስምንት ጎን፣ ከላይ ክብ ወይም በቀጫጭን ዓምዶች ላይ የቆመ ድንኳን መሳይ ሆነው፣ ጫፋቸው ላይ የሽንኩርት ራስ የሚመስል ድንጋይ ይዘዋል። ማንም ጥቂት ሰዓት ካይሮ ላይ ቢዘዋወር ይህን ይለምዳል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ምሽጉ ሲያይ ከ80 ሜትር በላይ የሆኑ ሁለት ቀጫጭን የቱርክ ሚናራዎች ያጋጥሙታል። የሙሐመድ ዓሊ መስጊድ ነው፤ ሥራው የተጀመረው በ1830 ነው። ሙሐመድ ዓሊ ከሱልጣኑ ጋር ቢዋጋም ሥልጣኑን ያሳየው ግን በኢስታንቡል የነገሥታት ቅርጽ ነው። የከተማዋ በጣም የታወቀው ፎቶ ለከተማዋ በጣም እንግዳ የሆነውን ሚናራ ይዟል፤ በዚህ የተሳሳተ ሰው ብዙ ነው።

ወደ አብያተ ክርስቲያናት ስንመጣ ብዙዎችን የሚያሳስተው የሽንኩርት ቅርጽ ያለው አናት ነው። «ሽንኩርት ካለ ሩሲያ ነው» ይባላል፤ ግማሽ እውነት ነው። ደቡብ ጀርመን ባቫሪያና ኦስትሪያ ውስጥም በየመንደሩ ሽንኩርት የመሰለ አናት አለ። ልዩነቱ የት ላይ እንደተቀመጠ ነው። ባቫሪያ ላይ ሽንኩርቱ አንድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጫፍ በቆመው የደወል ማማ ላይ ይቀመጣል፤ የተቀረው ጣሪያ ተራ ሾጣጣ ጣሪያ ነው፤ ግድግዳው ብዙ ጊዜ ነጭ፣ የመዳቡ ሽፋን አረንጓዴ ነው። የሙኒክ ካቴድራል ሁለት ማማዎች ይህን ዓይነት ክብ አናት ያገኙት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሩሲያ ውስጥ ግን ሽንኩርቶቹ በደወል ማማው ላይ ብቻ አይደሉም፤ ከጸሎት ቤቱ ከራሱ ጣሪያ ላይ፣ በቀጫጭን ክብ አንገቶች ላይ ይነሣሉ፤ ብዙ ጊዜም አምስት ሆነው አንዱ መሐል ላይ ከፍ ይላል። ፎቶው ጥራት ካለው መስቀሉን አቅርባችሁ እዩ፤ ከታች በኩል አንድ ዘመም ያለ አግዳሚ ካለበት ምሥራቃዊ ኦርቶዶክስ ነው፤ የባቫሪያው ካቶሊክ መስቀል ያ የለውም።

አሁን ይህን ሁሉ በአንድ ፎቶ ላይ እንሞክረው። ከተማው በተራሮች መሐል ባለ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ፎቶው የተነሣው ከኮረብታ ላይ ነው። ከታች፣ በቀይ ሸክላ በተሸፈኑ ዝቅተኛ ጣሪያዎች መሐል፣ አንድ ትልቅ ግራጫ ጉልላት ይታያል፤ አጠገቡ ሹል ቆብ ያለው ቀጭን ሚናራ አለ። ሚናራው አንድ ነው፤ ስለዚህ ኦቶማን ነው፤ የሱልጣን ሥራ ግን አይደለም፤ ከአውራጃ ገዢዎች አንዱ ያሠራው ይመስላል። እስካሁን ከቱርክ እስከ ቦስኒያ የትም ሊሆን ይችላል።

ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ሁለት መንታ ማማ ያለው ቤተ ክርስቲያን አለ። ማማዎቹ አራት ማዕዘን ሆነው አናታቸው ሹል ነው፤ በሁለቱ መሐል ከበሩ በላይ ክብ የአበባ መስኮት አለ። ይህ የምዕራብ አውሮፓ ጎቲክ ነው፤ ድንጋዩ ግን አላረጀም፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሥራ ነው። በቱርክ መንደር መሐል እንዲህ ያለ ካቶሊክ ካቴድራል የሚያሠራ መንግሥት ማን ነበር? ኦስትሪያ ሀንጋሪ ነው። ኦቶማንና ኦስትሪያ ሀንጋሪ ተከታትለው የገዙት አገር ጠባብ ነው፤ ቦስኒያ በ1878 ነው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የገባችው። በስተመጨረሻ ከካቴድራሉ ብዙም ሳይርቅ በርካታ ጉልላቶች ያሉት፣ ከፊቱም የባሮክ ቅርጽ ያለው የደወል ማማ የቆመለት የኦርቶዶክስ ካቴድራል ይታያል። ሦስቱ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ከተገኙ ሳራዬቮ ናት። መስጊዱ በ1531 የተሠራው የጋዚ ሁስሬቭ ቤይ ነው፤ ካቶሊኩ በ1889 ተጠናቀቀ።

በዚያው ከተማ የኦርቶዶክሶቹ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ለሚፈልገው ሰው በቀላሉ አይታይም። ዝቅ ያለና በረጅም አጥር የተከበበ ነው። በኦቶማን ዘመን ክርስቲያኖች ረጅም ማማ ማቆምና ደወል መደወል በብዙ ቦታ የተከለከለ ወይም የተገደበ ነበር። ስለዚህ በባልካን አገሮች የማማ አለመኖርም ራሱ መረጃ ነው፤ አሮጌ ዝቅ ያለ ቤተ ክርስቲያንና አጠገቡ ለብቻው የቆመ አዲስ የደወል ማማ ካያችሁ፣ ማማው የመጣው እገዳው ከተነሣ በኋላ ነው ብላችሁ ብትገምቱ ብዙ ጊዜ ትክክል ትሆናላችሁ።

ይህ ዘዴ የት ላይ ይወድቃል? አንዱ ምኩራብ ነው። አይሁድ በየአገሩ ተበትነው ስለኖሩ የራሴ የሚሉት አንድ የማማ ቅርጽ የላቸውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መካከለኛው አውሮፓ ላይ ግን ምኩራብን ከቤተ ክርስቲያን ለመለየት ሲፈልጉ የምሥራቁን ሥነ ሕንፃ መረጡ። ቡዳፔስት ውስጥ በ1859 የተጠናቀቀው የዶሃኒ መንገድ ምኩራብ ሁለት ረጃጅም ማማዎች፣ በላያቸው የሽንኩርት አናት፣ ግድግዳው ላይ የቀይና የነጭ ጡብ መስመር አለው። ፎቶውን ያየ ሰው «መስጊድ» ቢል አይፈረድበትም። የሚያድነው በኮከቡና በዕብራይስጥ ጽሑፉ ላይ ማተኮር ነው፤ መንታ ማማ ከፊት በር ግራና ቀኝ መቆሙም የመካከለኛው አውሮፓ ልማድ ነው።

ሁለተኛው ችግር የዘመናችን ገንዘብ ነው። ዛሬ ቅርጽ በጉልበት ሳይሆን በእርዳታ ይጓዛል። ጎረቤታችን ጅቡቲ ላይ በ2019 የተመረቀው በዳግማዊ ሱልጣን አብዱልሃሚድ ስም የተጠራ መስጊድ ሹል ቆብ ያላቸው ሁለት የቱርክ ሚናራዎች አሉት፤ ገንዘቡ የመጣው ከቱርክ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ላንሃም ላይም በ2016 የተከፈተ እንዲሁ ያለ መስጊድ አለ። እንዲህ ያለውን ለመለየት ማማውን ሳይሆን አካባቢውን ማየት ይሻላል፤ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ፣ ምንም ያልተበላ የድንጋይ ጠርዝ፣ በዙሪያው ከመስጊዱ ጋር አብሮ ያረጀ ሰፈር አለመኖር፤ እነዚህ ሁሉ ቅርጹ እንጂ ታሪኩ እዚያ እንዳልበቀለ ያሳያሉ። አቡ ዳቢ ላይ ያለው የሼይኽ ዛይድ መስጊድማ ይህን ሆን ብሎ ያደርጋል። አራቱ ሚናራዎቹ ከ100 ሜትር በላይ ናቸው፤ ከታች አራት ማዕዘን ናቸው፣ ወደ መሐል ስምንት ጎን ይሆናሉ፣ ወደ ላይ ክብ ይሆናሉ። የሞሮኮን፣ የካይሮንና የኢስታንቡልን ልማድ በአንድ ዘንግ ላይ የደረደረ ሥራ ነው። እዚያ ያላችሁ ወገኖች ከመንገድ ላይ ሆናችሁ ቅርጹ የት የት እንደሚለወጥ በዓይናችሁ ልትከተሉት ትችላላችሁ።

የእኛ ቤተ ክርስቲያንስ በምን ይታወቃል? በማማ አይደለም፤ በመሠረቱ ቅርጽ ነው። ኢየሩሳሌም ላይ በአዲሱ ከተማ፣ «የኢትዮጵያ መንገድ» በሚባለው ጎዳና፣ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ አስጀምረውት በአፄ ምኒልክ ዘመን ተፈጸመ። ጉልላት ባለው ሕንፃ በተሞላች ከተማ ውስጥ ይህን የሚለየው የውጭ ግድግዳው ክብ መሆኑ ነው። የግሪኮቹና የሩሲያውያኑ አብያተ ክርስቲያናት በአብዛኛው ጉልላታቸው ክብ ቢሆንም ከሥሩ ያለው ግድግዳ ባለ ማዕዘን ነው። ደብረ ገነት ግን እንደ ጎጃምና እንደ ጎንደር ደብሮች ቅኔ ማሕሌቱ ቅድስቱን፣ ቅድስቱም መቅደሱን ከብቦ የተሠራ ስለሆነ ክቡ ከመሬት ይጀምራል። በፎቶ ላይ ከጉልላቱ ዝቅ ብላችሁ ግድግዳው ማዕዘን እንዳለው እዩ፤ ማዕዘን ካጣችሁ፣ በአጥሩ በር ላይ ደግሞ የአንበሳ ቅርጽ ካገኛችሁ፣ ሌላ ምልክት አያስፈልጋችሁም።